ለአለቃ ወይስ ለመርማሪ? ማጭበርበርን የሚጠቁሙ ሠራተኞችን ሕግ የሚጠብቃቸው መቼ ነው?

በአንድ ባንክ፣ በአንድ የረድዔት ድርጅት ወይም በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ላልተሰጠ አገልግሎት ክፍያ ሲፈጸም ቢያይ ከፊቱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለአለቃ፣ ለውስጥ ኦዲተር ወይም ለሥራ አመራር ቦርድ ማመልከት ነው። ሁለተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ለፖሊስ፣ ለፀረ ሙስና ተቋም፣ ለተቆጣጣሪ አካል ወይም ለምክር ቤት መጠቆም ነው።

ብዙ ሠራተኞች በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጨዋነት ወይም የድፍረት ጉዳይ ይመስላቸዋል። በሕግ ዓይን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አንድ ሠራተኛ ተመሳሳይ መረጃ ይዞ ወደ አንዱ በር ቢሄድ ጥበቃ ሊያገኝ፣ ወደ ሌላው ቢሄድ ደግሞ ሊባረር ወይም ሊከሰስ ይችላል። ይህንን ከኬንያ ሁለት ታዋቂ ጉዳዮች በላይ የሚያሳይ በአካባቢው ማግኘት ይከብዳል። አንደኛው ጠቋሚ መረጃውን ወደ ውጭ አወጣ፤ ሁለተኛው እስከ አገሪቱ የመጨረሻ ባለሥልጣን ድረስ በውስጥ መስመር ሄደ። ሁለቱም ሥራቸውን አጡ።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ ሕጎች ቁጥር ጋር ከተጠቀሱት በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ውጭ የወጣው ሰነድ

ዴቪድ ሙንያኬይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ ማዕከላዊ ባንክ በጸሐፊነት ደረጃ የሚሠሩ ወጣት ነበሩ። የሥራ ክፍላቸው የወጪ ንግድ ሰነዶችን ይመለከት ነበር። በወቅቱ መንግሥት ወደ ውጭ ሸቀጥ ልከው የውጭ ምንዛሪ ለሚያስገቡ ነጋዴዎች ማበረታቻ ይከፍል ነበር። ለአብዛኞቹ ላኪዎች ማበረታቻው 20 በመቶ ሲሆን፣ ጎልደንበርግ ኢንተርናሽናል ለተባለ ኩባንያ ግን 35 በመቶ ተፈቀደለት። ኩባንያው ወርቅና አልማዝ እልካለሁ ይል ነበር። ኬንያ ግን የምታመርተው ወርቅ እጅግ ጥቂት ነው፤ አልማዝ ደግሞ አታመርትም።

የማጭበርበሩ አሠራር ቀላል ነበር። ክፍያው የሚፈጸመው ሸቀጡ ታይቶ ሳይሆን፣ ሸቀጥ መላኩንና ምንዛሪ መግባቱን የሚገልጽ ወረቀት ቀርቦ ነው። ወረቀቱ ካለ ወርቁ መኖር አያስፈልገውም። በዚህ መንገድ ከኬንያ ግምጃ ቤት የወጣው ገንዘብ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ይቆጠራል። ሙንያኬይ እነዚህ ወረቀቶች በእጃቸው ያልፉ ስለነበር የክፍያውን ብዛትና ድግግሞሽ አስተዋሉ።

ክፍያዎቹ የሚጸድቁት ከእርሳቸው በላይ ባሉ ኃላፊዎች ነበር። ይህ የውስጥ ጥቆማ ትልቁ ችግር ነው፤ አቤቱታውን የሚቀበለው ሰው አቤቱታ የሚቀርብበትን ክፍያ የፈረመው ራሱ ሊሆን ይችላል። ሙንያኬይ የሰነዶቹን ቅጂ ለተቃዋሚ የምክር ቤት አባላት ሰጡ። ጉዳዩ በ1993 በኬንያ ፓርላማ ተነሳ፤ በአገሪቱ ታሪክ ከታዩት ትላልቅ የሙስና ቅሌቶች አንዱም ሆነ።

ጠቋሚው ግን ተያዙ። የቀረበባቸው ክስ የተመሠረተው በመንግሥት ሚስጥር ሕግ ነበር። በወቅቱ በኬንያ ሕግ ሠራተኛው ያወጣው ሰነድ ወንጀልን የሚያጋልጥ መሆኑ ክሱን አያስቀርም ነበር፤ ጥያቄው “ሰነዱን ለማን ሰጠህ? ፈቃድ ነበረህ ወይ?” የሚል ብቻ ነው። ክሱ እስከ መጨረሻው አልዘለቀም፤ ባንኩ ግን ከሥራ አሰናበታቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ በዳኛ ቦሲሬ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ሥራ ሲጀምር ሙንያኬይ ምስክርነታቸውን ሰጡ። በ2004 ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ሸለማቸው። ወደ ባንክ ሥራቸው ሳይመለሱ በ2006 አረፉ።

በውስጥ መስመር የሄደው ሪፖርት

ጆን ጊቶንጎ ሁኔታቸው ፍጹም ሌላ ነበር። በ2003 አዲሱ የኬንያ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ በፕሬዝዳንቱ ጽሕፈት ቤት የመልካም አስተዳደርና የሥነ ምግባር ቋሚ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሾሙ። ሥራቸው ራሱ ሙስናን መከታተል ነበር፤ ሪፖርታቸውን የሚያቀርቡትም በቀጥታ ለርዕሰ ብሔሩ ነው። ከዚህ የተሻለ የውስጥ መስመር የትም አይገኝም ማለት ይቻላል።

በ2004 አዲስ የፓስፖርት ማተሚያ ሥርዓት ለመግዛት የተገባ ውል ጥያቄ አስነሳ። አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ በስድስት ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ለመሥራት ያቀረበው ሥራ፣ አንግሎ ሊዚንግ ለተባለ ድርጅት ከ30 ሚሊዮን ዩሮ በሚበልጥ ዋጋ ተሰጥቶ ነበር። ድርጅቱ በእንግሊዝ አድራሻ አለኝ ቢልም፣ ሲፈለግ በውል የሚታወቅ ባለቤት አልተገኘለትም። ምርመራው ሲጠናከር ደግሞ ቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ ሳይጠየቅ መመለስ ጀመረ። ሕጋዊ ኩባንያ ያገኘውን ክፍያ እንዲህ ባለ ፍጥነትና ዝምታ አይመልስም፤ ለመርማሪዎቹ ይህ ራሱ ምልክት ነበር።

ጊቶንጎ ያገኙትን ለፕሬዝዳንቱ ሪፖርት ያደርጉ ነበር። ኋላ ባወጡት ሰነድ እንደገለጹት ግን፣ ምርመራውን ቀስ እንዲያደርጉ ከከፍተኛ ሹማምንት ጫና ደርሶባቸዋል፤ ከውሉ ጀርባ ያሉት ሰዎችም የሥራ ባልደረቦቻቸው መሆናቸውን ተረድተዋል። ስማቸው የተነሳው ሚኒስትሮች ክሱን አስተባብለዋል። ጊቶንጎ አንዳንድ ንግግሮችን በድምፅ ቀድተው ያዙ። በየካቲት 2005 ለንደን ሆነው ሥራቸውን ለቀቁ። በ2006 መጀመሪያ የሪፖርታቸው ይዘት በጋዜጦች ሲወጣ ሚኒስትሮች ከሥልጣን ለቀቁ።

ጉዳዩ በዚያ አላበቃም። ስማቸው ከተጠቀሰው የቀድሞ ሚኒስትሮች አንዱ ጊቶንጎን በስም ማጥፋት ከሰሱ። በ2019 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጊቶንጎ 27 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፍሉ ወሰነ። ሙንያኬይን የጎዳው የመንግሥት ሚስጥር ሕግ ነበር፤ ጊቶንጎን የጎዳቸው ደግሞ የስም ማጥፋት ሕግ ነው። ሙሉ የሚባል የጠቋሚ ጥበቃ ሕግ እነዚህን ሁለት በሮች አስቀድሞ መዝጋት አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሠራተኛውን ከሥራ እንዳይባረር ብቻ ሳይሆን፣ ትክክለኛውን መንገድ ተከትሎ በሰጠው መረጃ በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም እንዳይጠየቅ ማድረግ ይጠበቅበታል።

ኬንያ ለጠቋሚዎች ብቻ የሚሆን ሕግ ለማውጣት ረቂቆች በተደጋጋሚ አቅርባለች። እስከዚያው በሥራ ላይ ካሉት መካከል ተጠቃሹ የ2016ቱ የጉቦ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ የጉቦ ጥቆማ ያቀረበን ሰው ማስፈራራት ወይም ማንገላታት እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ አንድ ሚሊዮን ሽልንግ መቀጮ ያስከትላል። ሕጉ በኃላፊነት ቦታ ላይ ያለ ሰው ጉቦ መኖሩን ሲያውቅ ወይም ሲጠረጥር በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅም ያስገድዳል። ሆኖም ስሙ እንደሚለው ስለ ጉቦ ነው፤ ጉቦ የሌለበት የሒሳብ ማጭበርበር ሁሉ በዚህ ጥላ ሥር አይገባም።

ዩጋንዳ፦ ሁለቱም በሮች በሕግ የተጻፉበት

ዩጋንዳ በ2010 ያወጣችው የጠቋሚዎች ጥበቃ ሕግ ሁለቱንም መንገዶች በግልጽ ይዘረዝራል። ሠራተኛው ለአሠሪው በውስጥ ሊያመለክት ይችላል። በውጭ ደግሞ ለመንግሥት ኢንስፔክቶሬት፣ ለዐቃቤ ሕግ ዳይሬክተር፣ ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን፣ ለፓርላማ፣ ለፖሊስ እና በሕጉ ለተጠቀሱ ሌሎች ተቋማት መጠቆም ይችላል።

ጥበቃ ለማግኘት ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ጥቆማው በቅን ልቦና የቀረበ መሆን አለበት፤ ጠቋሚው መረጃው በመሠረቱ እውነት ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፤ ጥቆማውም ሥልጣን ላለው ተቀባይ የተሰጠ መሆን አለበት። ሁለተኛው ነጥብ በብዙዎች ዘንድ በስሕተት ይተረጎማል። ሠራተኛው ማጭበርበሩን እስከ መጨረሻው እንዲያረጋግጥ አይጠበቅበትም፤ ማጣራት የመርማሪው ሥራ ነው። ነገር ግን ሐሰት መሆኑን እያወቀ የሚጠቁም ሰው ራሱ በወንጀል ይጠየቃል።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ጋዜጠኛ፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ወይም የታወቀ የመብት ተሟጋች በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሙንያኬይ ያደረጉትን ዛሬ በዩጋንዳ የሚያደርግ ሠራተኛ፣ ሰነዱን በሕጉ መሠረት ለፓርላማ ካቀረበ የጥበቃው ክበብ ውስጥ ነው። ያንኑ ሰነድ በቅድሚያ በፌስቡክ ቢለጥፈው ግን ከክበቡ ይወጣል። የመረጃው እውነተኝነት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተቀባዩ ብቻ ነው።

ሕጉ የበቀል እርምጃ የሚላቸውንም ይዘረዝራል። ከሥራ ማሰናበት፣ ማገድ፣ ዕድገት መከልከል፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ ማስፈራራትና ማንገላታት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። በቀል የደረሰበት ሠራተኛ ለኢንስፔክቶሬቱ ወይም ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑ አቤት ማለት ይችላል። የጠቋሚውን ማንነት የገለጸ ሰው እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል።

በተጨማሪም ሕጉ በጥቆማው ምክንያት ከተመለሰው የተጣራ ገንዘብ አምስት በመቶው ለጠቋሚው እንዲከፈል ይደነግጋል። ለምሳሌ 200 ሚሊዮን የዩጋንዳ ሽልንግ ቢመለስ ድርሻው 10 ሚሊዮን ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ስሌቱ የሚሠራው በተመለሰው እንጂ በተሰረቀው ገንዘብ ላይ አለመሆኑን ነው። ተከሳሹ ተፈርዶበት ገንዘቡ ካልተገኘ የሚከፈል ነገር አይኖርም።

ኢትዮጵያ፦ ከባድ ወንጀልን መነሻ ያደረገ ጥበቃ

በኢትዮጵያ ዋናው ሕግ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። አዋጁ የተቀረጸው ከወንጀል ምርመራ አንጻር ሲሆን፣ ጠቋሚ የሚለውም ለሕግ አስከባሪ አካል የወንጀል መረጃ የሚሰጥን ሰው ነው። ጥበቃውም በዋናነት የሕይወት፣ የአካል፣ የነፃነትና የንብረት ደህንነትን የሚመለከት ነው፤ ማንነትን መደበቅ፣ የመኖሪያ ቦታ መቀየር፣ ምስክርነት በመጋረጃ ጀርባ ወይም በዝግ ችሎት መስማት ከእርምጃዎቹ መካከል ናቸው።

ይህ ጥበቃ ለሁሉም ጥቆማ አይሰጥም። የተጠቆመው ወንጀል በአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ወንጀሉ ያለ ጠቋሚው መረጃ በሌላ መንገድ ሊታወቅ ወይም ሊረጋገጥ የማይችል፣ በጠቋሚው ወይም በቤተሰቡ ላይ የተደቀነው አደጋም ከባድ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ከፍተኛ የሙስና ወንጀልን የሚጠቁም ሰው በአዋጁ ሊሸፈን ሲችል፣ በሐሰተኛ የውሎ አበል ደረሰኝ የሚወጣን አነስተኛ ገንዘብ ለአለቃው ያሳወቀ ሠራተኛ ከዚህ አዋጅ የሚጠብቀው ብዙ ነገር አይኖርም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ቅርብ የሆነው የሥራ ሕጉ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26፣ ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በፍርድ ቤት ሆነ በሌላ አካል በተያዘ ክርክር ተካፋይ መሆኑ ለስንብት በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ይደነግጋል። ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ጥያቄ ግን በሦስት ወር ይርጋ ይታገዳል። ብዙዎች የማጭበርበሩ ምርመራ ውጤት እስኪታወቅ ሲጠብቁ ይህ ጊዜ ያልፍባቸዋል። ምርመራውና የሥራ ክርክሩ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በልማት ድርጅቶች የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች አሉ። ለሠራተኛው ቅርብ የሆኑ የጥቆማ መቀበያዎች ናቸው። ክፍሎቹ ግን ተጠሪነታቸው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው። የተጠረጠረው የመጋዘን ሠራተኛ ወይም የግዢ ባለሙያ ከሆነ ይህ መስመር በአግባቡ ሊሠራ ይችላል። የተጠረጠረው የበላይ ኃላፊው ራሱ ከሆነ ግን ጥቆማው ዞሮ በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። በዚህ ጊዜ የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ፖሊስ ተገቢው በር ይሆናል።

አሜሪካና አውሮፓ፦ ሁለት ተቃራኒ መልሶች

በአሜሪካ የሚኖሩ ሠራተኞች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ፍርድ አለ። ዲጂታል ሪያልቲ ትረስት በተባለ ኩባንያ የሚሠራ አንድ የሥራ ኃላፊ፣ የዋስትና ሰነዶች ሕግ ተጥሷል ብሎ ለበላይ አለቆቹ ካመለከተ በኋላ ተባረረ። ለአገሪቱ የዋስትና ሰነዶች ገበያ ተቆጣጣሪ ግን አላመለከተም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2018 ባለ ሙሉ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ፣ ለተቆጣጣሪው ያላመለከተ ሰው ዶድ ፍራንክ በተባለው ሕግ “ጠቋሚ” አይባልም አለ። በውስጥ የሚያመለክቱ የአክሲዮን ኩባንያ ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሳርቤንስ ኦክስሊ የተባለ ሌላ ሕግ አለ፤ ነገር ግን በዚያ ሕግ አቤቱታው በ180 ቀናት ውስጥ ለአገሪቱ የሠራተኛ ሚኒስቴር መቅረብ አለበት።

የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው መመሪያ በተቃራኒው ምርጫውን ለሠራተኛው ይተወዋል። የውስጥ ጥቆማ ይበረታታል፤ ግዴታ ግን አይደለም። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች የጥቆማ መስመር ማዘጋጀት፣ ጥቆማው መድረሱን በሰባት ቀን ውስጥ ማረጋገጥ፣ ስለተወሰደው እርምጃ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ከሁሉ በላይ ጠቋሚውን የሚጠቅመው የማስረዳት ሸክሙ መዞሩ ነው። ከጥቆማ በኋላ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ጉዳቱ በቀል መሆኑን ማረጋገጥ ሳይሆን፣ አሠሪው እርምጃው ከጥቆማው ጋር እንደማይገናኝ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

መንገዱን ለመምረጥ የሚረዱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ጥቆማውን ማን ይቀበለዋል የሚለው ነው። የውስጥ መስመር ዋጋ የሚኖረው ተቀባዩ ከተጠርጣሪው ሥር ካልሆነ ነው። ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ በቀጥታ ሪፖርት የሚያደርግ የውስጥ ኦዲተርና ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት የሚያደርግ ኦዲተር ስማቸው አንድ ቢሆንም ነፃነታቸው አንድ አይደለም። በረድዔት ድርጅቶች ዘንድ የገንዘብ ለጋሹ የራሱ የምርመራ ክፍል ሊኖረው ስለሚችል ሠራተኛው ሦስተኛ በር ያገኛል፤ ይህ ግን በአገሩ ሕግ የተዘረዘረ ተቀባይ ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጥቆማው በጽሑፍ ተመዝግቧል ወይ የሚለው ነው። በቃል ብቻ የተነገረ ጥቆማ ኋላ ላይ “አልተነገረንም” ሊባል ይችላል። በቀል የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ በቀኑ ነው። ለዓመታት ጥሩ የሥራ አፈጻጸም ውጤት የነበረው ሰው ጥቆማው በደረሰ በሳምንታት ውስጥ ዝቅተኛ ውጤት ካገኘ፣ ከሥራው ጋር ወደማይገናኝ ክፍል ከተዛወረ ወይም ሒሳብ የማየት ፈቃዱ ከተነሳ፣ የጥቆማው ቀንና የእርምጃው ቀን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይናገራሉ። ጥቆማው ቀን ከሌለው ግን ይህ ንጽጽር አይኖርም።

ሦስተኛው ሰነድን ይመለከታል። ሠራተኛ በሥራው የሚያያቸውን፣ ከጥቆማው ጋር በቀጥታ የተያያዙ ሰነዶች ቁጥርና ቀን መመዝገብ አንድ ነገር ነው። ያልተፈቀደለትን ፋይል ከፍቶ ወይም የደንበኞችን ሙሉ መረጃ ገልብጦ መውሰድ ሌላ ነው። ሁለተኛው አሠሪው የሠራተኛውን ጥፋት እንጂ ማጭበርበሩን እንዳያነሳ በር ይከፍትለታል።

በመጨረሻም ማንነትን ጨርሶ አለመግለጽና ማንነትን በሚስጥር ማስያዝ አንድ አይደሉም። ስሙን ያልገለጸ ጠቋሚ ለጊዜው ይሰወራል፤ ነገር ግን መርማሪው ተጨማሪ ጥያቄ ሊጠይቀው አይችልም፤ በቀል ቢደርስበትም ጥቆማው የእርሱ መሆኑን ማሳየት ይቸግረዋል። ሰነዱን የሚያዩት ሁለት ሠራተኞች ብቻ በሆኑበት ክፍል ደግሞ ስም አለመጻፍ ብቻውን ማንንም አይሰውርም። ስሙን ለሕጋዊ ተቀባይ ሰጥቶ በሚስጥር እንዲያዝ የጠየቀ ሠራተኛ የበለጠ የተጋለጠ ቢመስልም፣ ጥበቃ የሚጠይቅበት ማስረጃ በእጁ ይኖራል።